የፓርሴል ስቲከር ፎቶን ለማስተርጎም የትኛው መንገድ ይሻላል?

ከውጭ በመጣ ፓርሴል ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ማስተርጎም ቀላል ይመስላል። ስልክ ይወጣል፣ ካሜራው ይደቀናል፣ በሁለት ሰከንድ ውስጥ የጀርመንኛው ወይም የቻይንኛው ጽሑፍ ባለበት ቦታ አማርኛ ይደረደራል። ግን ወረቀቱ ላይ ካለው ነገር ግማሹ ጭራሽ መተርጎም የሌለበት ነው። ከቀረው ውስጥም አብዛኛው የፖስታ ድርጅቶች አስቀድመው የተስማሙበት፣ አገር ቢቀያየርም የማይቀየር ፎርም ነው። የምር ትርጉም የሚፈልጉት ሦስት አራት መስመሮች ቢሆኑ ነው።

ስለዚህ "የትኛው መተርጎሚያ ይሻላል?" ከማለት "ይህን መስመር በምን ላንብበው?" ማለት ያዋጣል። በእጃችን ያሉት መንገዶች አራት ናቸው። አንዱ ካሜራውን ደቅኖ እዚያው ፎቶው ላይ ትርጉሙን ማየት ነው። ሌላው ጽሑፉን ከፎቶው ኮፒ አድርጎ መተርጎሚያ ውስጥ ፔስት ማድረግ ነው። ሦስተኛው ባርኮዱን ስካን አድርጎ የትራኪንግ ገጹን መክፈት ነው፤ ይሄ እንዲያውም ትርጉም አይባልም። የመጨረሻው ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ነው። ሁሉም ጎበዝ የሆኑበትና ጉድ የሚሠሩበት ቦታ አላቸው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ስቲከር ይዘን እንሂድ። ከጀርመን በሪኮማንዴ የተላከ ትንሽ ፓርሴል ነው እንበል፤ ውስጡ ሄድፎን አለ። ቁጥሩን ለምሳሌ ያህል ነው የሠራሁት። ወረቀቱ ላይ የሚነበበው ይህ ነው፦

```
RR518603725DE
ZOLLINHALTSERKLÄRUNG / DÉCLARATION EN DOUANE   CN 22
Peut être ouvert d'office
[ ] Geschenk / Cadeau
[ ] Warenmuster / Échantillon commercial
[x] Warenverkauf / Vente de marchandises
1 Kopfhörer      0,340    45,00 EUR
851830           CN
Gesamtgewicht    0,410 kg
```

ቁጥሩ አይተረጎምም

ከላይ ያለው 13 ፊደልና ቁጥር የትራኪንግ ቁጥሩ ነው። በፖስታ ቤት በኩል የሚመጣ ዕቃ ቁጥሩ በዚህ መልክ ይጻፋል። ሁለት ፊደል፣ ዘጠኝ ቁጥር፣ ከዚያ ሁለት ፊደል። የመጨረሻዎቹ ሁለት ፊደሎች ዕቃው በየትኛው አገር ፖስታ እንደተላከ ይናገራሉ፤ DE ጀርመን ነው። የመጀመሪያዋ ፊደል ደግሞ የአገልግሎቱን ዓይነት ትነግረናለች። R ከሆነ ሪኮማንዴ፣ E ከሆነ ፈጣኑ የፖስታ አገልግሎት፣ C ከሆነ ፓርሴል፣ V ከሆነ ኢንሹራንስ የተገባለት ዕቃ ነው። የግል የመልእክት ድርጅቶች የራሳቸው አጻጻፍ አላቸው። ለምሳሌ በ1Z የሚጀምር 18 ፊደልና ቁጥር ካያችሁ የፖስታ ቤት አይደለም።

ለዚህ መስመር ካሜራም ኮፒ ፔስትም አልመክርም። ሁለቱም ፎቶውን በዓይን እንደማየት ነው የሚያነቡት። ፕላስቲኩ ትንሽ ካብለጨለጨ፣ ወረቀቱ ከተጨማደደ 8ን B፣ 0ን O፣ 5ን S፣ 1ን I ያደርጉታል። የካሜራ ትርጉም ደግሞ አንዳንዴ ባሰበት ይመጣና ፊደሎቹን ቃል መስለውት ሊተረጉማቸው ወይም ቁጥሮቹን በቦታ ከፋፍሎ ሊያስቀምጣቸው ይችላል። ባርኮድ ስካነር ግን ቁጥሩን የሚያወጣው ከመስመሮቹ ውፍረትና ክፍተት ስለሆነ ወይ በትክክል ያነበዋል ወይ ጭራሽ አያነበውም። ከተሳሳተ ቁጥር ይልቅ "አልተነበበም" የሚል መልስ ይሻላል። ቢያንስ ሌላ ፎቶ ማንሳት እንዳለባችሁ ታውቃላችሁ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። በአንድ ወረቀት ላይ ሁለት ሦስት ባርኮድ ሊኖር ይችላል። ትልቁ ወይም ረጅሙ ሁልጊዜ የትራኪንግ ቁጥሩ አይደለም። አንዳንዱ ዕቃው ወደየትኛው መደርደሪያ እንደሚሄድ ለፖስታ ቤቱ ማሽን የሚናገር ነው። ሁሉንም ስካን አድርጉና ከ13ቱ ፊደልና ቁጥር መልክ ጋር የሚገጥመውን ያዙ።

ባርኮዱ ተቀድዶ ወይም በቀለም ተበላሽቶ በዓይን ማንበብ ግድ ከሆነስ? ቁጥሩ ራሱን የሚመረምርበት መንገድ አለው። ከዘጠኙ ቁጥሮች የመጨረሻው ከሌሎቹ ስምንቱ የሚሰላ ነው። ስምንቱን ቁጥሮች በየተራ በ8፣ በ6፣ በ4፣ በ2፣ በ3፣ በ5፣ በ9 እና በ7 ታበዛላችሁ፤ ትደምራላችሁ፤ ድምሩን ለ11 ታካፍላላችሁ፤ የተረፈውን ከ11 ትቀንሳላችሁ። ውጤቱ 10 ከመጣ 0፣ 11 ከመጣ 5 ተብሎ ይጻፋል። በእኛ ስቲከር እንዲህ ነው፦

```
5×8 + 1×6 + 8×4 + 6×2 + 0×3 + 3×5 + 7×9 + 2×7 = 182
182 ÷ 11 = 16፣ ቀሪ 6
11 − 6 = 5
```

የዘጠነኛው ቦታ ቁጥር 5 ነው፤ ገጠመ። አሁን ካሜራው 6ን 8 ብሎ አነበበው እንበል። ድምሩ 186 ይሆናል፣ ለ11 ሲካፈል 10 ይተርፋል፣ መጨረሻ ላይ 1 ይመጣል። ወረቀቱ ላይ ያለው ግን 5 ነው። ስለዚህ አንዱ ቁጥር በስህተት ተነቧል ማለት ነው። ይህ ስሌት ፊደሎቹን አይመለከትም። RR የሚለው RB ተብሎ ቢነበብ ዝም ይላል። እሱን በዓይናችሁ ማረጋገጥ አለባችሁ።

ስሌቱ አሰልቺ ነው፣ አልዋሽም። ግን የትራኪንግ ገጽ "ቁጥሩ አልተገኘም" ሲላችሁ ሁለት ምክንያት ሊኖር ይችላል፦ ወይ ዕቃው ገና አልተመዘገበም ወይ ቁጥሩን ተሳስታችኋል። ላኪውን ከመጨቅጨቃችሁ በፊት የትኛው እንደሆነ በሁለት ደቂቃ ታውቃላችሁ።

የጉምሩክ ስቲከሩ፦ የፈረንሳይኛውን መስመር ፈልጉ

CN 22 የሚለው የፎርሙ ስም ነው። ዋጋው ዝቅ ላለ ዕቃ የሚለጠፍ አጭር የጉምሩክ መግለጫ ነው። የዕቃው ዋጋ ከ300 ኤስዲአር ካለፈ CN 23 የሚባለው ረዘም ያለው ፎርም ይሞላል። ኤስዲአር የዓለም የገንዘብ ድርጅት የሚጠቀምበት የሒሳብ መለኪያ ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው፣ እኔ ግን ከምንም በላይ የምወደው ዘዴ እዚህ ጋ ነው። የዓለም ፖስታ ኅብረት የተመሠረተው በ1874 በበርን ሲሆን ኦፊሴላዊ ቋንቋው ፈረንሳይኛ ነው። በዚህ የተነሳ የጉምሩክ ስቲከሮች ላይ ከላኪው አገር ቋንቋ ጎን ፈረንሳይኛ ብዙ ጊዜ ይገኛል። ስቲከሩ ከኮሪያ ይምጣ ከታይላንድ፣ ማንበብ የማትችሉትን ፊደል ትታችሁ ጎኑ ያለውን የላቲን ፊደል መስመር መያዝ ትችላላችሁ። እንግሊዝኛ ከተጻፈበት ደግሞ እሰየው። መተርጎሚያዎች የፎርሙን ፈረንሳይኛ የሚያነቡት ከእነዚያ ፊደሎች ይልቅ በተሻለ ጥራት ነው። የቃላቱ ዝርዝርም ያው ስለሆነ አንዴ ካወቃችሁት በሚቀጥለው ስቲከር ላይ መተርጎሚያ አያስፈልጋችሁም።

የእኛን እንይ። የርእሱ ትርጉም "የጉምሩክ መግለጫ" ነው። ቀጥሎ ያለው የፈረንሳይኛ መስመር ቃል በቃል ሲተረጎም "ከቢሮ ሊከፈት ይችላል" ዓይነት ግራ የሚያጋባ ነገር ሊወጣው ይችላል። ትክክለኛ ሐሳቡ ጉምሩክ ማንንም ሳያስፈቅድ ከፍቶ ሊያየው ይችላል የሚል ነው። ተከፍቷል ማለት አይደለም። ፎርሙ ላይ ሁልጊዜ የሚታተም ስለሆነ አትደንግጡ።

ከዚያ ሳጥኖቹ ይመጣሉ፦ ስጦታ፣ የንግድ ናሙና፣ የተሸጠ ዕቃ። ሌላ ስቲከር ላይ ሰነድ፣ ተመላሽ ዕቃ እና ሌላ የሚሉም ታገኛላችሁ። በእኛ ላይ ምልክቱ ያረፈው የተሸጠ ዕቃ ላይ ነው። ይህቺ ምልክት ቀላል አይደለችም። በብዙ አገር ስጦታና የተገዛ ዕቃ በአንድ ዓይን አይታዩም፣ የቀረጡ ነገር ይለያያል።

ካሜራ እና ኮፒ ፔስት የሚለያዩትም እዚህ ላይ ነው። ካሜራው ትርጉሙን እዚያው ጽሑፉ ላይ ስለሚለጥፈው ቦታው አይዛባም፤ ዓምዱ ዓምድ ሆኖ፣ ሳጥኑም ሳጥን ሆኖ ይታያል። ችግሩ ሲለጥፍ የምልክቷን ጫፍ ሊሸፍናት መቻሉ ነው። የአማርኛው ትርጉም ከጀርመንኛው ቃል ከረዘመ ደግሞ ፊደሉን ያሳንሰዋል ወይም ወደ ጎረቤት ሳጥን ይገፋዋል። ስለዚህ ትርጉሙን ካያችሁ በኋላ ዋናውን ፎቶ መልሳችሁ ተመልከቱ። ምልክቷ ከየትኛው መስመር ጋር እንደሆነች የሚነግራችሁ እሱ ብቻ ነው።

ኮፒ ፔስት በተቃራኒው ነው። ጽሑፉ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል፣ የተሳሳተ ፊደል ካለ ማረም ይቻላል፣ ሁለት የተለያዩ መተርጎሚያዎች ላይ ከፍቶ ማወዳደርም ይመቻል። ቅደም ተከተሉን ግን ያምሰዋል። ሦስት ዕቃ የተዘረዘረበት ሠንጠረዥ ከሆነ አንዳንዴ መጀመሪያ ሁሉንም ስሞች፣ ከዚያ ሁሉንም ክብደቶች፣ ከዚያ ሁሉንም ዋጋዎች ይደረድራቸዋል። አንዳንዴ ደግሞ አንዱን መስመር ይዘልና የሁለተኛው ዕቃ ዋጋ ከመጀመሪያው ዕቃ ጎን ይቀመጣል። ሳጥኖቹ ላይ ያሉት ምልክቶችም እንደ ፊደል ተቆጥረው x ሆነው ይወጣሉ ወይም ጨርሰው ይጠፋሉ።

የእኔ ምርጫ እንዲህ ነው። ለፎርሙ አካል፣ ማለትም ለሳጥኖቹና ለዓምዶቹ ካሜራ ይበቃል። ለዕቃው ስም ግን ኮፒ ፔስት አድርጉ፤ ምክንያቱም እዚያ አንዲት ፊደል ብትሳሳት ዕቃው ሌላ ዕቃ ይሆናል። በእጅ የተጻፈ ከሆነ ሁለቱንም ተዉአቸው፤ ወደ ሰው እንመጣለን።

የዕቃው ስም ላይ ሌላ መውጫም አለ። ስሙ ሥር 851830 የሚል ቁጥር አለ። ይህ የጉምሩክ ዕቃ መለያ ኮድ ነው። የመጀመሪያዎቹ 6 ቁጥሮች ሥርዓቱን በሚከተሉ አገሮች ሁሉ አንድ ናቸው፤ ከ6 በላይ ያሉትን እያንዳንዱ አገር ለራሱ ይጨምራል። 85 የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ምዕራፍ ነው። 8518 ማይክሮፎን፣ ስፒከርና ሄድፎን ያሉበት ክፍል ነው። 851830 ደግሞ ሄድፎንና ኢርፎን ነው። ላኪው የዕቃውን ስም "መለዋወጫ" ወይም "ስጦታ" ብሎ ቢያድበሰብሰው እንኳ ኮዱ በትክክል ከተሞላ ያጋልጠዋል። ኮዱን በአገራችሁ የታሪፍ መጽሐፍ ላይ ብትፈልጉት ጉምሩክ ራሱ የሚጠቀምበትን ስም ታገኛላችሁ። መተርጎሚያው ከሚሰጣችሁ ስም ጋር ካልተጣጣመ ኮዱ የተናገረውን አስቀድማችሁ አጣሩ፤ ጉምሩክም የሚያየው እሱን ነው።

ከኮዱ ጎን ያለው CN የፎርሙ ስም ላይ ካለው CN ጋር አይገናኝም። እዚህ ቻይና ማለት ነው፤ ዕቃው የተሠራበት አገር። የተላከው ከጀርመን፣ የተሠራው በቻይና። ትራኪንግ ቁጥሩ ላይ DE፣ እዚህ CN ማየት ስህተት አይደለም። አንዳንድ ሰው ይህን አይቶ "ተጭበረበርኩ" ይላል፤ አልተጭበረበረም።

ክብደትና ገንዘብ ላይ ኮማዋን ተጠንቀቁ

ቁጥር ስለማይተረጎም ማንም አይጠረጥረውም። ግን እዚሁ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚወድቀው። 0,340 ማለት 340 ግራም ነው፤ በጀርመን፣ በፈረንሳይና በሌሎች በርካታ አገሮች ኮማ የአስርዮሽ ነጥብን ቦታ ትይዛለች። 0,340 ላይ ዜሮው ስለሚቀድም ማንም አይሳሳትም። 1,250 kg ቢልስ? አንድ ኪሎ ከሩብ ነው። በለመድነው አነባበብ ግን ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ ኪሎ ይመስላል። መተርጎሚያዎች ይህችን ኮማ ብዙ ጊዜ እንዳለች ያሳልፏታል፣ ስለዚህ የማረም ሥራው የእናንተ ነው። ዋጋውም እንዲሁ ነው። 45,00 አርባ አምስት ዩሮ ነው፤ ደብዛዛ ፎቶ ላይ ኮማዋ ከጠፋች 4500 ይሆናል። ማመሳከሪያው ቀላል ነው፤ ከኮማ በኋላ ሁለት ቁጥር ካለ ሳንቲም ነው፣ ሦስት ካለ ደግሞ ዕቃውን በእጃችሁ አንሱና ኪሎ ነው ቶን ነው ብላችሁ ፍረዱ።

ስቲከሩ ላይ ሁለት ክብደት አለ፦ 0,340 እና 0,410። አንዱ የሄድፎኑ ብቻ፣ ሌላው ከነካርቶኑና ከነማሸጊያው ነው። ልዩነቱ 70 ግራም የማሸጊያው ነው። ይህ ልዩነት መጠነኛ እስከሆነ ድረስ ምንም አይደለም። የተጣራው ክብደት ከጠቅላላው በልጦ ካያችሁት ግን ወይ ላኪው ተሳስቷል ወይ መተርጎሚያው ዓምዶቹን አቀያይሯቸዋል።

በግል የመልእክት ድርጅት የመጣ ከሆነ ሦስተኛ ክብደት ሊኖር ይችላል። በይዘት የሚሰላ ነው። ርዝመት፣ ስፋትና ቁመቱ በሴንቲሜትር ይባዛና ብዙ ጊዜ ለ5000 ይካፈላል። 40 በ30 በ20 የሆነ ካርቶን 4.8 ኪሎ ተብሎ ይቆጠራል፤ ውስጡ ትራስ ሆኖ ሚዛን ላይ 1.2 ኪሎ ቢመዝንም። ሒሳብ የሚጠየቅበት ከፍተኛው ነው። ካሜራው ሁለቱንም "ክብደት" ብሎ ስለሚተረጉማቸው ሰው ሚዛኑ ተጭበርብሯል ብሎ ይጣላል።

ከቻይና የሚመጣ ወረቀት ላይ ደግሞ ጂን የሚባል መለኪያ ሊያጋጥማችሁ ይችላል። በዋናው ቻይና 1 ጂን 500 ግራም ነው፣ በታይዋን 600 ግራም። መተርጎሚያው ኪሎ ካደረገው ዕቃችሁ በእጥፍ ይከብዳል። ቁጥሩ ከሚዛናችሁ እጥፍ ከሆነ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ይህን ነው።

"ከጉምሩክ ተመልሷል" ማለት ምን ማለት ነው?

ዕቃው ገና እጃችሁ ካልገባ የሚያስጨንቀው ስቲከሩ ሳይሆን ሁኔታው ነው። ላኪው የስቲከሩን ፎቶ ልኮላችኋል፣ ቁጥሩን አስገብታችኋል፣ ገጹ ደግሞ እንዲህ ይላል፦

```
Departure from outward office of exchange
Arrival at inward office of exchange
Item presented to import customs
Item returned from import customs
Arrival at delivery office
```

ይህን በስክሪንሹት አንስቶ ካሜራ ላይ መጣል የሚጎዳው እዚህ ነው። "ኦፊስ ኦፍ ኤክስቼንጅ" የሚለው ገንዘብ መመንዘሪያ ሊመስለው ይችላል። እውነታው ሁለት አገሮች ፖስታ የሚረካከቡበት ማዕከል ነው። "አውትዋርድ" የሚለው በላኪው አገር በኩል፣ "ኢንዋርድ" የሚለው በተቀባዩ አገር በኩል ያለው ነው። የመጀመሪያው መስመር ዕቃው ከላኪው አገር ወጣ፣ ሁለተኛው የእናንተ አገር ገባ ነው የሚለው። በሁለቱ መካከል ቀናት ሊያልፉ ይችላሉ፤ መንገድ ላይ ነው።

አራተኛው መስመር ብዙ ሰው ያስለቅሳል። ትርጉሙ "ዕቃው ከአስመጪ ጉምሩክ ተመልሷል" ሆኖ ይወጣል፣ ሰውም ወደ ላኪው ተመለሰ ብሎ ገንዘቡ እንዲመለስለት ይጠይቃል። ግን ጥሩ ዜና ነው። ጉምሩክ አይቶ ጨርሶ ለፖስታ ቤቱ መልሶ አስረክቧል ማለት ነው። የሚቀጥለው መስመር ወደ አዳይ ቢሮ መድረሱን ሲናገር ይረጋገጣል። እውነተኛው መጥፎ ዜና ዕቃው በጉምሩክ ተይዟል የሚለው ነው። እሱ ሲመጣ ወረቀት ወይም ክፍያ ሊጠየቅ ይችላል። ወደ ላኪው ሲመለስ ደግሞ "ላኪ" የሚለው ቃል እዚያው መስመር ውስጥ ይገኛል። ላኪ የሚል ካላያችሁ ገንዘብ ለማስመለስ አትቸኩሉ።

እነዚህ ሁኔታዎች እንደየድረ ገጹ በተለያየ ቃል ቢጻፉም ከኋላቸው ያለው የፖስታ ኮድ አንድ ነው። ስለዚህ ከትርጉም የተሻለ መንገድ አለ። ያው ባለ13 ቁጥር በላኪው አገር ፖስታ ቤት ገጽም፣ በተቀባዩ አገር ፖስታ ቤት ገጽም ይሠራል። የተቀባዩ አገር ገጽ እናንተ በምታውቁት ቋንቋ ከተጻፈ መተርጎም ራሱ ቀረላችሁ። ሁለቱን ጎን ለጎን ክፈቷቸው። አንዱ ላይ ግራ የገባችሁ መስመር ሌላው ላይ በተመሳሳይ ቀን ምን ተብሎ እንደተጻፈ ታያላችሁ።

ቀን ስታመሳክሩ ሁለት ነገር አስቡ። 04.03.2025 ጀርመን ውስጥ ማርች 4፣ ማለትም የፈረንጆቹ ሦስተኛ ወር አራተኛ ቀን ነው፤ አሜሪካኖች እንደሚጽፉት ካነበባችሁት ኤፕሪል 3 ይሆንባችኋል። ሰዓቱም አብዛኛውን ጊዜ ዕቃው የነበረበት ቦታ ሰዓት ነው። ዕቃው ሳይነሳ የደረሰ ከመሰላችሁ የሰዓት ልዩነቱ ነው።

ሰው መቼ?

ማሽን በማያነበው ነገር ላይ ሰውን የሚተካ የለም። በእጅ የተጻፈ የዕቃ ዝርዝር፣ ከላዩ ማኅተም የተመታበት ጽሑፍ፣ ጉምሩክ በእስኪርቢቶ የጨመረው ማስታወሻ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። የተቀደደ ወረቀት ላይ "…ahme 45,00" የሚል ቁራጭ ብቻ ቀርቶ ቢሆን፣ ጀርመንኛ የሚያውቅ ሰው ዕቃውን ስትቀበሉ የሚከፈል ሒሳብ ሊሆን እንደሚችል ወዲያው ይጠረጥራል። መተርጎሚያ ግን ከቁራጯ ምንም አያወጣም፤ ጎዶሎዋን በስህተት ከሞላት ደግሞ "የአባት ስም" ሊላችሁ ይችላል፤ በጀርመንኛ Nachnahme እና Nachname የሚባሉት ሁለቱ ቃላት የሚለያዩት በአንዲት ፊደል ነውና።

ቋንቋ የሚያውቅ ወዳጅ ካለ ይበቃል። ካሳ ልትጠይቁ ከሆነ፣ ወይም ጉምሩክ የተጻፈው ዋጋ ልክ አይደለም ብሎ ከተከራከራችሁ ግን የተፈቀደለት ተርጓሚ ማኅተም ያለበት ትርጉም ሊጠየቅ ይችላል። ከመክፈላችሁ በፊት የሚቀበለውን ቢሮ ጠይቁ። አንዳንዱ CN 22 ላይ ፈረንሳይኛ ካለ ትርጉም አልፈልግም ሊል ይችላል፤ ያን ጊዜ ገንዘባችሁ ተረፈ።

የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ፎቶውን ጥሎ "ምን ይላል?" ማለት ብዙ ሰው የሚመርጠው መንገድ ነው። ፈጣን ነው፣ መልስም አይጠፋም። ግን ወረቀቱ ላይ ስማችሁ፣ አድራሻችሁ፣ ስልካችሁ አለ። የትራኪንግ ቁጥሩን ያገኘ ሰው ዕቃው መቼ እንደሚደርስ ያያል፤ ስልካችሁንም ካየ "ቀረጥ ክፈሉ" የሚል የውሸት መልእክት ማዘጋጀት አይከብደውም፤ እውነተኛ ቁጥራችሁን ጽፎ ስለሚልክ ታምኑታላችሁ። ከመጣላችሁ በፊት አድራሻውን፣ ስልኩንና ባርኮዱን ሸፍኑ። ጥያቄአችሁ አንድ መስመር ከሆነ ያንን መስመር ብቻ ቆርጣችሁ ላኩ። በጥቁር ቀለም ስትሸፍኑ ድፍን ቀለም ይሁን፤ ግማሽ የሚያሳየው ማርከር ብርሃኑ ሲጨመር ይነበባል።

ለተርጓሚ ስትልኩ ደግሞ ፎቶውን በመልእክት ማመላለሻው ላይ እንደ ፋይል እንጂ እንደ ተራ ፎቶ አትላኩት፤ ተራው ሲላክ ይጨመቅና ትንንሾቹ ቁጥሮች ይደበዝዛሉ። ሁለት ፎቶ በቂ ነው፦ ወረቀቱን ሙሉ በሙሉ የሚያሳይ አንድ፣ ስቲከሩን ከቅርብ የሚያሳይ አንድ። ፕላስቲክ ኪስ ውስጥ ከሆነ መብራቱን ከጎን አድርጉ፣ ፍላሹን አጥፉ። ካርቶኑ ጠርዝ ላይ የታጠፈ ከሆነ ሁለቱንም ጎን ለየብቻ አንሱ። ከፎቶው ጋር የትራኪንግ ቁጥሩን ስካን አድርጋችሁ ያገኛችሁትን በጽሑፍ ጨምሩለትና ቁጥሩን፣ ኮዱን፣ ክብደቱንና ዋጋውን እንዳለ እንዲገለብጠው፣ ኮማዋንም እንዳይነካት ንገሩት።